የትኬት ሪፈንድ አራት ወር ሊሞላው ነው፤ ሳልጣላ እንዴት ልከታተለው?

ሂሩት_ሜሪላንድ · ኤፕሪል 7፣ 2025
ሰላም ለሁላችሁ። ለገና አዲስ አበባ ለመሄድ ከዋሽንግተን ዳለስ ተነስቶ አውሮፓ አንድ ጊዜ የሚያርፍ ትኬት ኖቬምበር ላይ ሰፈራችን ካለ ትራቭል ኤጀንት ገዝቼ ነበር። ትኬቱ 1,430 ዶላር፣ የአገልግሎት 50፣ በድምሩ 1,480 ዶላር በክሬዲት ካርድ ከፈልኩ። በረራው ጃንዋሪ 3 ነበር። ዲሴምበር 12 አየር መንገዱ ሁለተኛውን በረራ ቀየረውና አዲስ አበባ የምገባበት ሰዓት በ9 ሰዓት ተገፋ። አልተስማማሁም። ዲሴምበር 14 ገንዘቤ እንዲመለስ በኢሜይል ጠየቅኩ፤ በዚያው ቀን «ተቀብለናል፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል» አሉኝ። እስካሁን ምንም የለም። ኤጀንቱ «አየር መንገዱ አልላከልንም» ይላል፣ አየር መንገዱ ደግሞ «ኤጀንትሽን ጠይቂ» ይላል። የኤጀንሲው ባለቤቶች ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ሰዎች ስለሆኑ መጣላት አልፈልግም። ምን ላድርግ?

ትኬት_ቆራጭ
እህቴ፣ ለማንም ከመደወልሽ በፊት ሁለት ነገር አጣሪ። ሁለቱም ካልታወቁ የምትጠይቂው ጥያቄ ሁሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያንከባልልሽ ይኖራል።

አንደኛ፣ የኖቬምበሩን የካርድ ስቴትመንት አውጪና 1,480ው ፊት ለፊት የማን ስም እንደተጻፈ እዪ። የአየር መንገዱ ስም ከሆነ ካርድሽን የቆረጠው አየር መንገዱ ነው፤ ገንዘቡም ከእሱ በቀጥታ ወደ ካርድሽ ይመለሳል እንጂ በኤጀንቱ እጅ አያልፍም። የኤጀንሲው ስም ከሆነ ግን ካርድሽን በራሱ ማሽን የቆረጠው ኤጀንሲው ነው፤ የሚመልስልሽም እሱ ነው። አንዳንዴ 50ው በኤጀንሲው ስም፣ 1,430ው በአየር መንገዱ ስም ለሁለት ተከፍሎ ይወጣል። ጠቅላላው አንድ መስመር ላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኤጀንሲው ነው።

ሁለተኛ፣ የትኬት ቁጥርሽን ፈልጊ። ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት የቦታ ማስያዣ ኮዱን አይደለም የምልሽ። የትኬት ቁጥር 13 አሃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አየር መንገዱን ይናገራሉ። 071 የኢትዮጵያ፣ 220 የሉፍታንዛ፣ 176 የኤምሬትስ ነው። ከዚያ አየር መንገዱ ጋ ደውለሽ «ሪፈንዴ የት ደረሰ?» አትበዪ፤ ይህን ካልሽ «ኤጀንትሽን ጠይቂ» ማለታቸው አይቀርም። «የዚህ ትኬት ሁኔታ ሲስተማችሁ ላይ ምን ይላል? ከመቼ ጀምሮ?» ብቻ በዪ። ይህን መንገር የሚከለክላቸው ነገር የለም፣ ግማሽ ደቂቃም አይፈጅባቸው።

መልሱ OPEN ከሆነ ማንም ሪፈንዱን አልጀመረውም፤ ትኬቱ እንደተሸጠ ተቀምጧል ማለት ነው። REFUNDED ወይም RFND ከሆነ አየር መንገዱ ገንዘቡን ለቅቋል። EXCHANGED ካሉሽ ደግሞ አንድ ሰው ትኬቱን ወደ ሌላ ትኬት ወይም ወደ ባውቸር ቀይሮታል፤ በዚያ ቁጥር የሚጠየቅ ሪፈንድ አይኖርም፣ የተተካበትን አዲስ ቁጥር መቀበል አለብሽ።

ዳዊት_ቨርጂኒያ
ይሄ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? የአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ ለተከፈለ 7 ቀን ይላል፣ አለቀ። ዛሬውኑ ባንክሽ ጋ የክፍያ ክርክር፣ ዲስፒውት ክፈቺ። እኛ ሰዎች በይሉኝታ ነው ገንዘባችንን የምናጣው።

ትኬት_ቆራጭ
ዳዊት፣ ግማሹ ልክ ነህ። በ2024 የወጣው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ደንብ ወደ አሜሪካ ለሚገቡና ከአሜሪካ ለሚወጡ በረራዎችም ይሠራል። በዓለም አቀፍ በረራ መድረሻ 6 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከዘገየና መንገደኛው አዲሱን ሰዓት ካልተቀበለ «ትኬቱ የማይመለስ ነው» የሚለው ጽሑፍ አያግደውም። የሂሩት 9 ሰዓት ስለሆነ መብቷ አያጠራጥርም። ለክሬዲት ካርድ 7 የሥራ ቀን ነው፤ ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። በሌላ መንገድ ለተከፈለ ደግሞ 20 ቀን ነው።

የሳትከው ቀኑ ከየት እንደሚጀምር ነው። ካርዱን የቆረጠው ኤጀንሲው ከሆነ የእሱ 7 ቀን የሚቆጠረው ሂሩት ከጠየቀችበት ዕለት አይደለም፤ አየር መንገዱ «ይህች ሰው ሪፈንድ ይገባታል» ብሎ ለኤጀንሲው ካረጋገጠበት ዕለት ነው። የትኬቱን ሁኔታና ቀኑን ጠይቂ ያልኳትም ለዚህ ነው። ያ ቀን በእጇ ከሌለ ኤጀንሲው «አልተረጋገጠልንም» ሲላት የምትመልሰው የላትም።

ዲስፒውቱም ጊዜ አለው። ሪፈንዱ መንገድ ላይ ሳለ ከተከፈተ ኤጀንሲው የሚሠራውን ያቆምና ባንኩ እስኪፈርድ ይጠብቃል። ሁለቱም ከገቡ ደግሞ አንዱ ከሳምንታት በኋላ ከሒሳቧ ተመልሶ ይወሰዳል።

ከሐይፋ
እኛ ጋ እስራኤል ውስጥ የአየር አገልግሎት ሕጉ 21 ቀን ይላል። ለእናቴ ትኬት የተቀበልኩት በዚያ ነው። ሂሩትም ይህን ሕግ ጠቅሳ ብትጽፍላቸው ይፈራሉ።

ትኬት_ቆራጭ
21 ቀኑ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን ከእስራኤል ለሚነሱና እስራኤል ለሚያርፉ በረራዎች ነው። ከዳለስ አዲስ አበባ የሚሄድ ትኬት ላይ ብትጠቅሰው ደብዳቤው ዋጋ ያጣል። አንባቢው አንድ የማይመለከተው ሕግ ካየ ሌላውንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራ ደግሞ የተሰረዘ ትኬት በ7 ቀን እንዲመለስ የሚል ደንብ አለ። ሁሉም በየመነሻውና በየመድረሻው ነው።

ወይዘሮ_ቦሌ
ልጆች፣ እኔም ጥያቄ አለኝ። ልጄ ዋሽንግተን ልትልከኝ የገዛችውን ትኬት አሞኝ ሰረዝኩት። እንደ ሂሩት ሙሉ ገንዘቡን እንዲመልሱ ምን ብላ ትጻፍላቸው?

ትኬት_ቆራጭ
እግዜር ይማርዎት። የእርስዎና የሂሩት ነገር ይለያያል። የሂሩትን በረራ የቀየረው አየር መንገዱ ነው፤ እርስዎ ግን ራስዎ ነው የሰረዙት። እንዲህ ሲሆን የሚወስነው ትኬቱ ላይ የተጻፈው የታሪፍ ደንብ ነው። የማይመለስ ዓይነት ከሆነ ዋናው ዋጋ ላይመለስ ይችላል፤ ያልተጠቀሙበት የኤርፖርት ታክስ ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል፣ ካልተጠየቀ ግን ማንም አስታውሶ አይልክም። ልጅዎ «በደንቡ መሠረት የሚመለሰው ታክስ ስንት ነው?» ብላ በጽሑፍ ትጠይቅ። የሐኪም ወረቀት ካለዎት ታያይዘው፤ አንዳንድ አየር መንገዶች በሕመም ምክንያት ቅጣቱን ይተዋሉ፣ ግዴታቸው ግን አይደለም። ትኬቱ ከተቆረጠ አንድ ዓመት ከሞላው ነገሩ ይከብዳልና እንዳትዘገይ።

ሂሩት_ሜሪላንድ · ኤፕሪል 8
ትኬት ቆራጭ እግዜር ይስጥልኝ። ስቴትመንቱን አየሁት፤ 1,480ው በአንድ መስመር በኤጀንሲው ስም ነው ያለው። አየር መንገዱ ጋ ደውዬ ልክ እንዳልከኝ ጠየቅኳቸው። ልጅቷ ወዲያው «REFUNDED፣ ጃንዋሪ 24፣ 2025» አለችኝ። ታዲያ ኤጀንሲው ለምን «አልላኩልንም» ይለኛል? ዋሽተውኛል ማለት ነው?

ትኬት_ቆራጭ
ውሸት ነው ለማለት አትቸኩዪ። ገንዘቡ የሚመለስበትን መንገድ ብታዪው የት ሊቀር እንደሚችል ይገባሻል።

አሜሪካ ውስጥ ኤጀንሲዎችና አየር መንገዶች የሚተሳሰቡት ኤአርሲ በሚባል የጋራ የሒሳብ ማዕከል በኩል ነው፣ በየሳምንቱ። ሪፈንድ ሲፈቀድ አየር መንገዱ 1,430 ዶላር ቼክ ጽፎ አይልክም። ኤጀንሲው በዚያ ሳምንት ሌሎች ትኬቶች ሸጦ 9,000 ዶላር መክፈል ካለበት 1,430ው ይቀነስለትና 7,570 ይከፍላል። ስለዚህ ባለቤቱ ባንኩን ከፍቶ «ከአየር መንገዱ የገባ ገንዘብ» ብሎ ቢፈልግ አንድም መስመር አያገኝም። ገንዘቡ የደረሰው ዕዳው ቀንሶ ነው። የሳምንቱን ሪፖርት መስመር በመስመር የሚያይ ሰው ከሌለ በቅንነት «አልገባም» ሊልሽ ይችላል።

የእኛ ሰፈር ኤጀንሲዎች ላይ ደግሞ ሌላ እጅ ይጨመራል። አብዛኞቹ ትናንሽ ቢሮዎች ከኤአርሲ ጋር በቀጥታ አይሠሩም፤ ትኬቱን የሚቆርጥላቸው ኮንሶሊዴተር የሚባል ጅምላ ሻጭ ነው። ያኔ ቅናሹ የሚገባው ለጅምላ ሻጩ ነው፤ እሱ ለኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ላንቺ። ጅምላ ሻጩ ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን ሂሳብ ነው የሚይዝላቸው። እዚህ ላይ ነው ወራት የሚያልፉት። ኤጀንሲው ጅምላ ሻጩን አጥብቆ ካልጠየቀ ማንም አይጣደፍም፤ አጥብቆ እንዲጠይቅ ደግሞ የትኬት ቁጥሩና ቀኑ ያስፈልጉታል። አሁን ሁለቱም በእጅሽ ናቸው።

ጥያቄሽን «መቼ ትከፍሉኛላችሁ?» ከሚለው ወደ «ጃንዋሪ 24 የተለቀቀው ገንዘብ አሁን ማን ጋ ነው?» ወደሚለው ለውጪው። የመጀመሪያው ሁልጊዜ «በቅርቡ» የሚል መልስ አለው፤ ሁለተኛው ሰው ሪፖርቱን እንዲከፍት ያስገድዳል።

በኢሜይል ጻፊ፤ ዲሴምበር 14 በተጻጻፋችሁበት ኢሜይል ላይ «መልስ» ብለሽ እንጂ አዲስ አትክፈቺ፣ ታሪኩ ሁሉ አንድ ቦታ ይሁን። ለባለቤቶቹ በአማርኛ መጻፍ ትችያለሽ፤ ባንክ ሊያየው ስለሚችል ግን ከሥሩ እንግሊዝኛውን አክዪበት። ይህን መነሻ አድርጊው፦

> ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ?
> በትኬት ቁጥር (13ቱን አሃዝ)፣ በስሜ ስለተቆረጠው የጃንዋሪ 3 በረራ ነው የምጽፍላችሁ። ዲሴምበር 14 ሪፈንድ ጠይቄ በዚያው ቀን መቀበላችሁን ገልጻችሁልኛል፤ መልሳችሁ ከታች አለ።
> ኤፕሪል 8 አየር መንገዱን ጠይቄ ትኬቱ ጃንዋሪ 24፣ 2025 REFUNDED መደረጉን ነግረውኛል። ይህ ገንዘብ በሳምንታዊ ሪፖርታችሁ ተቀናንሶ፣ ወይም ትኬቱን የቆረጠላችሁ ድርጅት ጋ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል በትኬት ቁጥሩ ፈልጋችሁ የት እንዳለ እንድትነግሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።
> የተከፈለው 1,480 ዶላር በመጨረሻ አራት አሃዙ (…) በሆነው ካርዴ ነው፤ ካርዱ አሁንም ይሠራል። እስከ ሐሙስ ኤፕሪል 10 ወደዚሁ ካርድ መመለሱን የሚያሳይ ማረጋገጫ ብትልኩልኝ ጉዳዩ በመካከላችን ያልቃል። የባንኬ የጊዜ ገደብ እየቀረበ ስለሆነ ከዚያ በኋላ በእነሱ በኩል ለመጠየቅ እገደዳለሁ።
> ስለ ድካማችሁ አመሰግናለሁ።

የትኬት ቁጥሩ፣ ቀኖቹና አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለው። ስለ አራት ወሩ መጉላላት፣ ስለ ገናው መበላሸት አትጨምሪበት፤ ያ ከገባ የሚመልሱልሽ ስለ ስሜትሽ እንጂ ስለ ገንዘቡ አይሆንም። ቢሮ ብትሄጂም ደንበኛ በተሰለፈበት ሰዓት አትጠይቂያቸው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ጭራሽ አታንሺው፤ ሰው ፊት የተጠየቀ ባለቤት ራሱን ለመከላከል ነው የሚያስበው።

ሒሳብ_ያዥ
ባንክ የካርድ ክርክር ክፍል ስለምሠራ የቀኑን ነገር ልጨምር፤ እህታችን ሳታውቀው ሊያመልጣት የተቃረበው እሱ ነው።

በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ለእንዲህ ያለ ክርክር የተለመደው ገደብ 120 ቀን ነው። መነሻው እንደ ክርክሩ ዓይነት ይለያያል። «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ከሆነ ብዙ ጊዜ ከበረራው ቀን ይቆጠራል፤ ከጃንዋሪ 3 ሲቆጠር ሜይ 3 ነው። «ሪፈንድ ቃል ተገብቶልኝ አልገባም» ከሆነ ግን ቃሉ ከተሰጠበት ወረቀት ቀን ሊቆጠር ይችላል፤ ከዲሴምበር 14 ሲቆጠር ኤፕሪል 13 ይሆናል። ያ ዘንድሮ የሆሳዕና እሑድ ነው። የባንኩ ሠራተኛ በየትኛው ዓይነት እንደሚመዘግበው አታውቂምና ቀደም ያለውን ያዢ። ትኬት ቆራጭ ሐሙስ ያለው ጥሩ ነው፤ ካልመለሱ ዓርብ ኤፕሪል 11 ትከፍቺያለሽ።

በፌዴራል ሕጉ ደግሞ የክሬዲት ካርድ ስሕተት በጽሑፍ የሚቀርበው ስቴትመንቱ በተላከ በ60 ቀን ውስጥ ነው። የኖቬምበሩን ስቴትመንት ካየን እሱ አልፏል። «8 ሳምንት ጠብቁ» የሚለው መልስ ሰዎችን የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ጠብቀው ሲጨርሱ የመጀመሪያው በር ተዘግቷል።

ስትከፍቺ የምታያይዢው፦ የትኬት ደረሰኙ፣ አየር መንገዱ ሰዓቱን የቀየረበት መልእክት፣ ዲሴምበር 14 «ተቀብለናል» ያሉበት ኢሜይልና የአሁኑ ደብዳቤሽ። ምክንያት ሲጠይቁሽ «ክፍያውን አላውቀውም» የሚለውን እንዳትመርጪ። እሱ የስርቆት ነው፤ ካርድሽን ይዘጉታል፣ ኤጀንሲውም ፊርማሽን አቅርቦ ይረታሻል። «ተመላሽ ገንዘብ አልገባም» የሚለውን ነው የምትመርጪው።

ዳዊት_ቨርጂኒያ
እሺ፣ ቀኑን በተመለከተ ተምሬያለሁ። 50 ዶላሩስ? እኔ በበኩሌ ሙሉ 1,480 ነው የምጠይቀው። ጉዞው ካልተሳካ ምን አገልግሎት ሰጡና?

ትኬት_ቆራጭ
እዚህ ላይ አልስማማም። ትኬቱን የመፈለግና የመቁረጥ ሥራ ተሠርቷል፤ ሲሸጡ የአገልግሎት ክፍያው እንደማይመለስ አሳውቀው ከሆነ ደንቡ እንዲያስቀሩት ይፈቅዳል። ደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፎ እንደሆነ ትይ። ሳያሳውቁ ጠቅላላ ዋጋ ብቻ ከነገሯት ግን ዳዊት ልክ ነው። ለማንኛውም ደብዳቤው ላይ 1,480 ይቀመጥ፤ 1,430 ቢመጣ ለ50ው ዲስፒውት ማካሄዱ ግን አይታየኝም።

ዳዊት_ቨርጂኒያ
50 ዶላርም ገንዘብ ነው ወንድሜ። እኔ አልተውም።

ሂሩት_ሜሪላንድ · ኤፕሪል 10
በደብዳቤው ማግስት ባለቤትየዋ ራሷ ደወለችልኝ፣ በጣም ይቅርታ ጠይቃለች። ገንዘቡ ትኬቱን የቆረጠላቸው ጅምላ ሻጭ ጋ በሂሳብ ተይዞ ነበር፣ ልክ እንደተባለው። መጀመሪያ «ለክረምት ትኬት ይሁንልሽ» አለችኝ፤ በትሕትና አይሆንም አልኩ። ከዚያ «በዜል ልላክልሽ ወይስ በካርዱ?» አለች። ዛሬ ደግሞ «ወደ ካርዱ መልሰናል» ብላ የማሽን ወረቀት ፎቶ ላከችልኝ፤ 1,430 ይላል፣ ከሥሩ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር አለ። ባንኬ ግን ምንም አይታየኝም ይላል። ዲስፒውቱን ነገ ልክፈት ወይስ ልተወው?

ከሐይፋ
ዜሉን መቀበል ነበረብሽ፤ ወዲያው ይገባ ነበር።

ሒሳብ_ያዥ
ካርዱ ይሻላል። ዲስፒውት የሚያስከፍት ጉዳይ እያለ በሌላ መንገድ የተከፈለ ገንዘብ ለባንኩ አይታየውም፤ በኋላ ክርክር ቢነሳ ማን ለምን እንደከፈለ ማስረዳት ያስቸግራል።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ባለ 6 አሃዙ ማሽኑ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ነው። ማሽኑ ሪፈንዱን መቀበሉን ያሳያል እንጂ ወደ ባንክሽ መላኩን አያሳይም። የዕለቱ ሒሳብ ካልተዘጋ ወይም በኋላ ከተሰረዘ ወረቀቱ እንዳለ ይቀራል፣ ገንዘቡ ግን አይመጣም። ማታ ሒሳቡ ሲዘጋ 23 አሃዝ ያለው መከታተያ ቁጥር ይወጣለታል፤ ኤአርኤን ይባላል። ባለቤትየዋ ነገ ጠዋት ካርድ ማሽኑን የሰጣት ድርጅት ጋ ደውላ ልታገኘው ትችላለች። ቁጥሩን ይዘሽ ባንክሽ ስትደውዪ ገንዘቡ ገና ሳይታይሽ የት እንደደረሰ ይነግሩሻል። ካርድሽ በመሃል ተቀይሮ ከነበረም ወደ አሮጌው ቁጥር መሄዱ ችግር የለውም፤ ሒሳቡ ራሱ ካልተዘጋ ባንኩ ወደ አዲሱ ያዞረዋል።

ስለዚህ ነገ እስከ ቀትር ቁጥሩን ጠብቂ። ከመጣና ባንክሽ ካረጋገጠልሽ ዲስፒውት አትክፈቺ። ካልመጣ ከሰዓት በኋላ ክፈቺ፣ ለሴትየዋም መክፈትሽን በዚያው ኢሜይል ንገሪያት። ከከፈትሽ በኋላ ደግሞ «አንሺውና ነገ ይገባልሻል» ብትልሽ ገንዘቡ ስቴትመንትሽ ላይ ሳይታይ አታንሺ፤ አንዴ የተነሳ ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ዳግም አይከፈትም።

ትኬት_ቆራጭ
ከዚህ ሁሉ በኋላ ካልሆነ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ይቀራል፤ transportation.gov/airconsumer ላይ ነው፣ ክፍያ የለውም፣ ኤጀንሲም አየር መንገድም ላይ ይቀርባል። ከባንኩ ጎን ለጎን መሄድ ይችላል እንጂ በባንኩ ምትክ አይቆጠርም፤ አቤቱታው የ120 ቀኑን ሩጫ አያቆመውም።

ሂሩት_ሜሪላንድ · ኤፕሪል 11፣ ከጠዋቱ 5 ሰዓት
23 አሃዙ አሁን ደረሰኝ። ባንኬ ጋ መስመር ላይ ነኝ፤ «በመንገድ ላይ ያለ 1,430 ዶላር ይታየናል፣ እስከ ማክሰኞ ይገባል» ብለውኛል። ዲስፒውቱን አልከፈትኩም። ስለ 50ው ደረሰኙን አየሁት፤ «የአገልግሎት» ብሎ ለብቻው ጽፎታል፣ አይመለስም የሚል ቃል ግን አላገኘሁበትም።

ዳዊት_ቨርጂኒያ
እንግዲህ ትኬት ቆራጭ፣ ምን ትላለህ?